ጭማሪው መቅረቱን በምን እንንገራቸው? ስልክ፣ ኢሜይል ወይስ ቴሌግራም

ገላን ውስጥ ያለ አንድ መጋዘን እናስብ። የዕቃ ማከፋፈያ ቡድኑ አሥራ ሁለት ሰው ነው። አንድ አንጋፋ የንብረት ክፍል ኃላፊ፣ መዝገብ የምትይዝ አንዲት ወጣት ሠራተኛ፣ በጅቡቲ መስመር የሚመላለሱ ሁለት ሾፌሮች፣ ቦሌ ካለው ዋና ቢሮ ደረሰኝ የሚሠሩ ሁለት ሰዎች አሉበት። የቀሩት ስድስቱ መጋዘኑ ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳሉ፣ ይቆጥራሉ፣ ይጭናሉ። የቡድን መሪዋም የምትቀመጠው ቦሌ ነው።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ሲጀምር የደመወዝ ጭማሪ ይገባል ተብሎ ሲጠበቅ ከርሟል። አንዳንዱ ኮዬ ፈጬ ካለው ቤቱ አከራይ ጋር የተደራደረው ይህንኑ ተማምኖ ነው። ሰኔ አጋማሽ ላይ ማኔጅመንቱ ተሰበሰበና ጭማሪውን ወደ ጥር አዛወረው። ለንብረት ክፍል ኃላፊውና ለመዝገብ ያዧ ታስቦ የነበረው የደረጃ ዕድገት ደግሞ ላልተወሰነ ጊዜ ቆመ። ይህን ለቡድኑ የመንገሩ ሥራ የመሪዋ ነው። ስልክ አላት፣ የመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል አላት፣ ሁሉም ያሉበት የቴሌግራም ግሩፕ አላት። ምሳሌው የታሰበ ነው። ነገር ግን በገላን፣ በዱከም ወይም በቂሊንጦ አካባቢ የሠራ ሰው ቢያንስ አንዱን ቁራጭ ሳያየው አልቀረም።

ብዙ ሰው ጥያቄውን "ከሦስቱ የትኛው ይሻላል?" ብሎ ይጀምረዋል። በዚህ መልኩ ከተጠየቀ መልስ የለውም፤ ምክንያቱም የሚያሳዝን ዜና አንድ ነገር ቢመስልም ውስጡ ሦስት የተለያየ ሥራ ይዟል። መጀመሪያ ሰውየው መስማት አለበት። ቀጥሎ ቀኑን፣ መጠኑንና ማንን እንደሚመለከት በትክክል መያዝ አለበት። ከዚያ፣ ብዙ ጊዜ ከሰዓታት በኋላ፣ ጥያቄ ይመጣበታል፤ የሚጠይቀው ሰው ማግኘት አለበት። ለመጀመሪያው ድምፅ ይሻላል፣ ለሁለተኛው ጽሑፍ ይሻላል፣ ሦስተኛው እንደ ሰዉ ይለያያል። ስለዚህ መሪዋ መወሰን ያለባት የትኛው እንደሚቀድምና በመካከላቸው ስንት ደቂቃ እንደሚያልፍ ነው።

ድምፅ ለምን ይቀድማል? ጀስቲን ክሩገር፣ ኒኮላስ ኤፕሊና ባልደረቦቻቸው በ2005 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት አንድ ጥናት ነገሩን ጥሩ አድርጎ ያሳያል። ተሳታፊዎቹ አንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ከልባቸው፣ አንዳንዱን በምጸት እንዲያስተላልፉ ተደረገ፤ ግማሹ በኢሜይል፣ ግማሹ በድምፅ። ላኪዎቹ በሁለቱም መንገድ 78 በመቶ ያህሉ በትክክል ይገባል ብለው ገምተው ነበር። በድምፅ 73 በመቶው ገባ። በኢሜይል የገባው ግን 56 በመቶው ነው፤ ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት ብዙም አይሻልም። ለኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ላኪው ልዩነቱን አለማወቁ ነው። ስንጽፍ የራሳችን ድምፅ ጆሯችን ውስጥ አለ፤ አንባቢው ጋ ግን አይደርስም። "በዚህ ጊዜ መታገሳችሁን እናደንቃለን" የሚለውን መሪዋ በአክብሮት ጽፋው ይሆናል። ፎርክሊፍቱ ላይ ሆኖ የሚያነበው ሰው ግን ሹፈት አድርጎ ሊወስደው ይችላል።

ስልክም የራሱ ጉድ አለው። የእኛ የስልክ ወግ ረጅም ነው፦ እንዴት ነህ፣ ጤና፣ ልጆች ደህና ናቸው፣ እማማ ተሻላቸው? ይህ ሁሉ ሲባል የደዋዩ ወኔ ይሟሽሻል። ሁለት ደቂቃ ስለ ቤተሰብ ከተወራ በኋላ "ጭማሪው ቀርቷል" ማለት ከባድ ስለሚሆን፣ "የጭማሪው ነገር ትንሽ ሳይዘገይ አይቀርም" ተብሎ ይወጣል። ሰሚው አንድ ወር ነው ብሎ ይይዛል። ሐምሌ 30 ደመወዙን ሲያይ ግን ሁለተኛ ይጎዳል፤ አሁን ደግሞ ተዋሸሁ ብሎ። ሰላምታው አይቅር፤ መሪዋ አንድ ዙር ሰላም ብላ ወዲያው ወደ ነገሩ ብትገባ ይበቃል። ለአንጋፋው ኃላፊ እንዲህ ልትል ትችላለች፦

"ጋሼ፣ የደወልኩት ደስ የማይል ነገር ልነግርዎት ነው። የሐምሌው ጭማሪ ወደ ጥር ተዛውሯል። የእርስዎም የደረጃ ዕድገት አብሮ ቆሟል፤ መቼ እንደሚነሳ ቀን አልተቆረጠለትም። ከሌላው ሰው በፊት እርስዎ እንዲሰሙት ብዬ ነው።"

አራት ዓረፍተ ነገር ነው። የመጀመሪያው ሰሚውን ያዘጋጃል፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ያለ ማለስለሻ ይናገራሉ፣ አራተኛው ለምን እንደተደወለ ይገልጻል። ከዚህ በኋላ ዝም ማለት ነው። ዝምታውን ለመሙላት ብላ የማኔጅመንቱን ምክንያት መደርደር ከጀመረች፣ ሰውየው ገና ያልሰማውን ነገር ሙግት እያቀረበችለት ነው ማለት ነው። ምክንያቱን ሲጠይቅ ትንገረው።

በጥሪ ውስጥ አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ጸሐፊዎች ብዙም አያነሱትም። በስልክ የሚሰማ ሰው የሚሰማውን ስሜት እዚያው መደበቅ ይገደዳል። "ምንም አይደለም፣ ለበጎ ነው" ይላል፤ ደዋዩም እፎይ ብሎ ይዘጋል። ሰውየው ተቀብሎታል ማለት ግን አይደለም፤ ጨዋ ነው ማለት ነው። በዚያ ጥሪ ላይ መልሱን መለካት ከንቱ ነው፤ ትክክለኛው መልስ የሚመጣው በሚቀጥለው ቀን ነው። ስለዚህ በጣም ለተጎዱት ሁለቱ አንድ ጥሪ አይበቃም፤ ሁለተኛው ጥሪ ከመጀመሪያው እኩል የዕቅዱ ክፍል መሆን አለበት።

"ታዲያ ለሁሉም በየተራ ለምን አትደውልም?" የሚል ይኖራል። ሒሳቡ አይፈቅድማ። አንድ ጥሪ ከሰላምታው ጋር ሰባት ደቂቃ ቢፈጅ፣ አሥራ ሁለቱ ሰማንያ አራት ደቂቃ ይወስዳሉ፤ የማያነሳ፣ መስመር የሚቆራረጥበት ሳይቆጠር። የመጀመሪያው ሰው ስልኩን ዘግቶ አጠገቡ ላለው ለመንገር አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም። ሦስተኛው ጥሪ ሳያልቅ ስምንተኛው ሰው ሰምቶታል፤ የሰማውም ከሻይ ቤቱ ነው፣ ምናልባትም "ሰው ሊቀነስ ነው" የሚል ተጨምሮበት። ለየብቻ መደወል አክብሮት የሚሆነው ወሬው የማይቀድመው እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው። በአንድ ጣሪያ ሥር ለሚሠራ ቡድን ይህ ወሰን ሦስት ወይም አራት ሰው ይመስለኛል። ስለዚህ ለየብቻ የሚደወልላቸው ከሌላው የተለየ ነገር ያጡት ናቸው፤ እዚህ የንብረት ክፍል ኃላፊውና መዝገብ ያዧ። ሁለቱ በአንድ ስብሰባ ላይ ከተለማማጆች እኩል "እናንተ" ተብለው ስለ ራሳቸው ዕድገት እንዲሰሙ ማድረግ በተለይ አንጋፋውን የሚያዋርድ ነው።

አሁን ወደ ቴሌግራም። ከተማው ዳር ባለ መጋዘን ቴሌግራም የማይገባበት የለም፤ የጭነት ፎቶ፣ የሰርቪስ ሰዓት፣ የልደት ምኞት፣ ሁሉም እዚያ ነው። ለዚህ ነው እጅ ቶሎ ወደዚያ የሚሄደው። ለእንዲህ ያለ ዜና ግን ሦስት ነገር ያበላሽበታል። የመልእክቱ የመጀመሪያ መስመር በተቆለፈ ስልክ ላይ ብቅ ይላል፤ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ ባለቤቱ ከማንበቡ በፊት ጎረቤቱ ያነበዋል። ሁለተኛ፣ በግሩፕ ውስጥ ቀድሞ የመለሰ ሰው የሁሉንም ስሜት ይመራል። አንዱ የሚስቅ ፊት ቢያስቀምጥ ቀሪው ቡድን ነገሩን በፌዝ ይይዘዋል፤ አንዱ በቁጣ ቢጽፍ ዝም ያለው ሁሉ ፈሪ ይመስላል። መሪዋ ደግሞ ሁሉም እያየ ለአንዱ መመለስ ይኖርባታል፤ ለብቻው ብትነግረው የሚበርድ ሰው በአደባባይ ሲሆን ወደ ኋላ አይመለስም። ሦስተኛ፣ ቴሌግራም የጻፉትን ቆይቶ ማረምም ማጥፋትም ይፈቅዳል። ሰው የሚያውቀውም ይህንኑ ስለሆነ እዚያ የተጻፈን ቀን እንደ ማስረጃ አይቆጥረውም፤ ስክሪንሹት ያነሳል። ስክሪንሹቱ ማታውኑ ሌላ ክፍል ደርሶ ያድራል።

ከሁሉ የከፋው ግን ዜናውን ሳይጽፉ ስለ ዜናው መጻፍ ነው። ማታ 2 ሰዓት ላይ "ነገ ጠዋት የምነግራችሁ ነገር አለ" የሚል መልእክት የላከ መሪ የአሥራ ሁለት ሰው እንቅልፍ ወስዷል። ይህ የአንድ ሰው ጠባይ ብቻ አይደለም። ሲድኒ ሮዘንና አብርሃም ቴሰር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሙከራ፣ ተሳታፊዎቹ ለሌላ ሰው የስልክ መልእክት እንዲያደርሱ ተደርጎ ነበር፤ ወደ ቤትህ ደውል፣ ጥሩ ዜና አለ ወይም መጥፎ ዜና አለ የሚል። ጥሩ ሲሆን ሙሉውን ይናገራሉ። መጥፎ ሲሆን ብዙዎቹ "ደውል ተብለሃል" ብቻ ብለው የቀረውን ያስቀሩት ነበር። ክፉ ወሬ አፍ ላይ ይከብዳል፤ ቻት ደግሞ ግማሹን ብቻ ተናግሮ ለማምለጥ የተመቸ ነው።

እዚህ ላይ የእኛ መርዶ ወግ ትዝ ይላል። ሩቅ ላለ ሰው የዘመዱን ሞት በስልክ ከመንገር፣ ቅርቡ ያሉት ተጠርተው ማልደው ሄደው ያረዱታል፤ ብቻውን እንዳይሰማ፣ ቆሞ እንዳይሰማ። ከዚህ ወግ ለመሥሪያ ቤት የሚወሰድ አንድ ነገር አለ፦ ሰሚው የት እንዳለ ሳያውቁ አለመናገር። ሥርዓቱን በሙሉ ማምጣት ግን ጉዳት አለው። ለጭማሪ መዘግየት ሰው ሰብስቦ ፊትን አጥቁሮ መግባት፣ ሰዉ ድርጅቱ ሊዘጋ ነው ብሎ እንዲደነግጥ ያደርጋል።

ሰሚው የት እንዳለ ማወቅ በተለይ ለሾፌሮቹ ቀልድ አይደለም። አንዱ ሞጆን አልፎ ከባድ መኪና እየነዳ ሊሆን ይችላል። የጥሪው የመጀመሪያ ቃል "ቆመሃል?" መሆን አለበት። ካልቆመ፣ "ስትቆም ደውልልኝ፣ ለድንገተኛ አይደለም" ብሎ መዝጋት ነው። "ለድንገተኛ አይደለም" የሚለው ካልተጨመረ ሰውየው ልጄ ምን ሆነ እያለ ይነዳል።

ኢሜይል በዚህ ሁሉ መሀል ምን ይሠራል? እኔ ኢሜይልን የምፈልገው ለዝርዝሩ ነው። ዜናውን መጀመሪያ በኢሜይል መላክ ደካማ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ተራ ነው፦ ከአሥራ ሁለቱ ኢሜይል በየቀኑ የሚከፍቱት ምናልባት አራት ናቸው። መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩም አብሮ ይጠፋል። "ልኬያለሁ" ማለት "አውቀዋል" ማለት አይደለም። ግን በቃል የተነገረ ቀን ሁለት ቀን አያድርም፤ አንዱ ጥር 1 ሲል ሌላው የጥር ደመወዝ ሲከፈል ይላል፣ በመካከሉ አንድ ወር አለ። ስለዚህ ጽሑፉ በዚያው ጠዋት መከተል አለበት። ርዕሱ "አስቸኳይ" ወይም "ማስታወቂያ" ሳይሆን "የሐምሌ የደመወዝ ጭማሪ ወደ ጥር ስለመዛወሩ" ይሁን፤ ያልሰማ ካለ ከርዕሱ ይረዳል፣ የሰማውም ቆይቶ ሲፈልገው ያገኘዋል። ውስጡ ከዚህ ብዙም አይረዝምም፦

"ዛሬ ጠዋት እንደነገርኳችሁ፣ ሐምሌ ላይ ይጀምራል ተብሎ የነበረው የደመወዝ ጭማሪ ወደ ጥር ተዛውሯል። የመጀመሪያው ጭማሪ የሚታየው ጥር 30 በሚከፈለው ደመወዝ ላይ ነው። ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ ያለው ወደ ኋላ ተቆጥሮ አይከፈልም። የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የሰርቪስና የሕክምና ጥቅም አልተነካም። በቡድናችን የሚቀነስ ሰው የለም። ቀጣዩን መረጃ ታኅሣሥ 20 እጽፍላችኋለሁ።"

"ወደ ኋላ ተቆጥሮ አይከፈልም" የሚለው መስመር በጣም የሚያምመው ነው፤ ለዚህም ነው ብዙ ደብዳቤ የሚዘለው። ከተዘለለ ግን ሰዉ ሁሉ ይከፈላል ብሎ ይጠብቃል። "የሚቀነስ ሰው የለም" የሚለው ደግሞ እውነት ከሆነ ብቻ ይጻፍ፤ መሪዋ እርግጠኛ ካልሆነች ዓረፍተ ነገሩ ይውጣ። "ከቁጥጥራችን ውጪ በሆኑ ምክንያቶች" የሚለውን ሐረግ ተዉት። ለሠራተኛው ምንም አይነግረውም፤ እንደተደበቀ ነገር ግን ይሸታል። የሁለቱ ሰዎች ዕድገት መቆሙ ለሁሉ በሚላክ ኢሜይል ውስጥ አይገባም፤ ለየራሳቸው ለብቻ ይጻፍላቸዋል።

ጠዋቱ እንግዲህ እንዲህ ይሄዳል። ቀኑ ማክሰኞ ይሁን። ዓርብ ከሰዓት የሚመርጡ አሉ፤ ሰዉ ሄዶ ይረጋጋል ብለው። እኔ ግን አልመክርም፤ ሁለት ቀን የሚጠየቅ ሰው በሌለበት ግሩፑ ብቻውን ሲንተከተክ ይከርማል። የበዓል ዋዜማም አይሁን። ከጠዋቱ 2፡30 ለንብረት ክፍል ኃላፊው ትደውላለች፣ 2፡40 ለመዝገብ ያዧ። ከዚያ ለሁለቱ ሾፌሮች፤ የቆመው ይነገረዋል፣ የሚነዳው ሲቆም ይደውላል። 3፡05 ላይ መጋዘን ያሉት ስድስቱ በፈረቃ ኃላፊው ቢሮ ይሰበሰባሉ፣ ቦሌ ያሉት ሁለቱ አጠገቧ ይቀመጣሉ፣ ስልኩ በድምፅ ማጉያ ይከፈታል። የፈረቃ ኃላፊው ወክሎ እንዲናገር ባይደረግ ይሻላል፤ ያልወሰነውን ነገር ሲናገር ቁጣውን እሱ ይቀበላል፣ ቃሉም በመሀል ይለወጣል። በድምፅ ማጉያ ሰው እንደማይጠይቅ ግን ይታወቅ። አሥር ደቂቃ ዝም ቢሉ አሳምኛለሁ አትበል። 3፡20 ኢሜይሉ ይላካል፣ አንድ ቅጂም ታትሞ መጋዘኑ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ቴሌግራም የሚመጣው አሁን ነው፤ ዜናውን ሊነግር ሳይሆን ጽሑፉ የት እንዳለ ሊጠቁም፦

"ጠዋት የተነጋገርንበት ጉዳይ ዝርዝሩ በኢሜይል ተልኳል፣ ሰሌዳው ላይም አለ። ጥያቄ ያለው ለኔ ይደውል ወይም በግል ይጻፍልኝ፤ እስከ 11 ሰዓት አለሁ።"

ቴሌግራም በትናንሽ ግሩፖች መልእክቱን እነማን እንዳዩት ስለሚያሳይ፣ እስከ ቀትር ያላየውን ለይቶ መደወል ይቻላል። ከመጀመሪያው ጥሪ እስከ ጽሑፉ ሃምሳ ደቂቃ አለ። ወሬ በዚህ መሀልም ይሾልካል፤ ነገር ግን ከሰዓት በፊት ሁሉም ያው አንድ ጽሑፍ እጁ ላይ አለ።

ቅደም ተከተሉ የሚገለበጥባቸው ጊዜያት አሉ። የሚያሳዝነው ነገር በሰዓታት ውስጥ እርምጃ የሚያስፈልገው ከሆነ ቻት ይቀድማል። "ዛሬ ማታ የኮዬ ፈጬ ሰርቪስ የለም፤ ታክሲ የሚይዝ ሰው ደረሰኝ ይያዝ" የሚለውን በየተራ መደወል ሰውን መንገድ ላይ ማስቀረት ነው። ሰሚው ብቻውን ሆኖ ቢያነብ የሚመርጥበትም አለ፤ ለውስጥ ክፍት ቦታ ተወዳድሮ ያላለፈ ሰው ባልደረቦቹ መሀል ስልክ አንስቶ "እሺ፣ አመሰግናለሁ" እንዲል ከማድረግ ኢሜይል ልኮ፣ "ከፈለግህ ነገ እናውራ" ማለት የበለጠ ያከብረዋል።

ዜናው ሥራ ማጣት ከሆነ ደግሞ ምርጫው በከፊል የመሪዋ አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የማቋረጫ ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ፣ ምክንያቱና ውሉ የሚቋረጥበት ቀን ተገልጾ ለሠራተኛው በእጁ ይሰጣል። ሠራተኛው ካልተገኘ ወይም አልቀበልም ካለ በሥራ ቦታው ሰሌዳ ላይ ለ10 ተከታታይ ቀናት ይለጠፋል። ጥሪውም ሆነ የቴሌግራም መልእክቱ ይህን ወረቀት አይተካም። ገላን ድረስ ሄዶ ፊት ለፊት ተነጋግሮ ወረቀቱን መስጠት ነው፤ ከቦሌ በቃሊቲ በኩል መንገዱ ቢዘጋጋም።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። ረቡዕ ጠዋት ዕድገታቸው ለቆመባቸው ለሁለቱ እንደገና ይደወላል። ይህ ጥሪ ምክንያት አይፈልግም፤ "ትናንት የነገርኩዎትን እንዴት አዩት?" ይበቃል። እውነተኛው ጥያቄ የሚመጣው እዚህ ነው፦ ሹመቱ ከቆመ ተጨማሪ ኃላፊነቱን እስከዚያ እኔ ልሥራው ወይ? አበል ይኖረዋል? መልሱ ከሌላት መቼ እንደምታመጣ ቀን ትስጥ፤ ቀኑንም በዚያው ሰዓት በጽሑፍ ትላክላቸው። ታኅሣሥ 20 ሲደርስ ማኔጅመንቱ ገና ያልወሰነ ቢሆን እንኳ ኢሜይሉ ይውጣ። ያን ጊዜ ጥሪ አያስፈልግም፤ "ውሳኔው ገና ነው፣ ጥር 5 እጽፍላችኋለሁ" የሚል አንድ መስመር በቂ ነው።